የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? የዝቋላ ቀፎዎች እንደ ምሳሌ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ፕሮጀክት በውሉ ቀን ሳያልቅ ሲቀር፣ ገንዘቡም በእጅ እያለ፣ «በጀት አትጨምሩልን፣ ቀን ብቻ ጨምሩልን» ብለን ለለጋሹ የምንጽፈው ደብዳቤ። ለማስረዳት እንዲቀለኝ አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዤ እሄዳለሁ። ምሳሌው በዝቋላ ወረዳ ለ60 ሴቶች ዘመናዊ ቀፎ የሚሰጥ ፕሮጀክት ነው። የፕሮጀክቱን ብሮች በልባችሁ እንድትደምሩት ክብ ክብ አድርጌያቸዋለሁ። ድርቁና ሌላው የዘመኑ ነገር ግን ሁላችሁም ያያችሁት ነው።

ውሉ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1, 2023 እስከ ማርች 31, 2024 ነው እንበል፤ 15 ወር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። በጀቱ 1,200,000 ብር። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እስከ ሰኔ 2015 ቀፎው ተገዝቶ ሰቆጣ ይገባል፤ ሴቶቹ ይሠለጥናሉ፤ ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈካ፣ በመስከረም 2016፣ ኅብረ ንቡ ተገዝቶ ወደ አዲሱ ቀፎ ይዛወራል፤ ከዚያ እስከ መጋቢት ድረስ የመስክ ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ንቡ መልመዱን ታያለች። ቀፎው በጊዜው ተገዛ። የመጀመሪያው ሥልጠናም ተሰጠ። ዝናቡ ግን አልመጣም። በ2015 ክረምት በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ የሆነውን እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከብቱ አለቀ፣ ማሳው ባዶ ቀረ። አበባ በሌለበት ቀዬ ንብ ወደ አዲስ ቀፎ ብታዛውሪው ጥሎ ይኮበልላል። ስለዚህ ኅብረ ንብ አልተገዛም፤ 60ዎቹ ቀፎዎች መጋዘን ውስጥ ባዷቸውን ቀሩ።

ደብዳቤው የሚጀምረው ከዚህ ነው። በመጀመሪያ ግን ምን እንደማይጻፍበት ላንሳ፤ ብዙ ማኅበራት የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነውና።

አንዲት እናት እንዲህ ብትለን መልሳችን ምንድን ነው? «ልጆች እየተራቡ 400,000 ብር ባንክ ተቀምጦ ስለ ንብ ታወራላችሁ? ለምን እህል አትገዙበትም?» ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ ሊያሳፍረንም አይገባም። ነገር ግን ያ ሌላ ደብዳቤ ነው። የገንዘቡን ዓላማ መለወጥ ነው፤ ለጋሹ ራሱ ገንዘቡን ካመጣበት ምንጭ ፈቃድ ሊጠይቅበት ይችላል፤ እምቢ ሊልም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ካደባለቅናቸው፣ አንባቢው ሰው ቀን መጨመር ይሁን እርዳታ መላክ የተጠየቀው ሳይገባው ወረቀቱን ከጠረጴዛው ዳር ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ስለ ረሃቡ የምንጽፈውን በዚያው ቀን፣ በሌላ ቁጥር፣ በሌላ ጉዳይ እንጽፋለን። የማራዘሚያው ደብዳቤ ውስጥ ድርቁ የሚገባው ሥራውን ባቆመበት መጠን ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዴት ይጻፋል? «በአካባቢው በተከሰተው ድርቅና የጸጥታ ችግር ምክንያት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ለለጋሹ ግን ምንም አይነግረውም። እርሱ የሚጠይቀው «የትኛው ችግር የትኛውን ሥራ፣ ለስንት ጊዜ አቆመ?» ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ምክንያት የሚሆን ነገር ሞልቶ ነበር። ሐምሌ 28, 2015 በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። ሁሉንም መደርደር ያጓጓል። እኔ ግን በተናጠል ልመዝናቸው እወዳለሁ። መንገዱ ሁለተኛውን ሥልጠና በሁለት ወር አዘገየው፤ ይህ በውሉ ጊዜ ውስጥ ሊካካስ ይችል ነበር። ኢንተርኔቱ ሪፖርቱን አዘገየው፤ ሥራውን ግን አላቆመም። ሥራውን ያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአበባው አለመኖር። ደብዳቤው በዚህ ላይ ይቁም። ሌሎቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀሱና ይለፉ። አምስት ምክንያት የደረደረ ሰው አምስቱንም ማስረዳት አለበት፤ ለጋሹም ከአምስቱ ደካማውን መርጦ ነው የሚጠይቀው።

ማስረጃውም እንደዚያው ነው። የጋዜጣ ዜና አያይዘን ብንልክ ስለ ዋግ ኽምራ በሙሉ ይናገር ይሆናል፤ ስለ እኛ ቀበሌ አይናገርም። የሚጠቅመው ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በማኅተም የሚጻፍ አንድ ገጽ ነው፤ በእነዚህ ቀበሌዎች በዚህ ወቅት የንብ ቀሰም አልነበረም፣ ንብ ማዛወር አይመከርም የሚል። በዚያ ላይ የመጋዘን ሠራተኛው የፈረመበት፣ 60 ቀፎ በእጅ አለ የሚል የቆጠራ ወረቀት። ይህ ሁለተኛው ትንሽ ይመስላል፤ የለጋሹን ትልቁን ስጋት የሚመልሰው ግን እርሱ ነው፤ የተገዛው ዕቃ አሁንም አለ ወይ የሚለውን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስንት ወር እንጠይቅ?

ብዙ ጊዜ የሚደረገው የጠፋውን ወር ቆጥሮ ያንኑ መጠየቅ ነው። ሥራው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቆመ፤ ስለዚህ አራት ወር ይጨመርልን። ይህ ለግንባታ ይሠራ ይሆናል። ለንብ አይሠራም፤ ለዘርም ለችግኝም አይሠራም። እ.ኤ.አ. ማርች 31, 2024 ላይ አራት ወር ብትጨምሩ ጁላይ መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ሐምሌ ነው፣ ገና ዝናቡ እየጣለ ነው፣ አበባ የለም። የተጨመረው ጊዜ ያልቃል፣ ሥራው አልተጀመረም። ከዚያ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ሊመጣ ነው፤ ሁለተኛውን ደብዳቤ ደግሞ ማንም በደስታ አያነበውም። በደጋውም በቆላውም ያለን ሰዎች እናውቀዋለን፤ የመስከረም አበባ ያመለጠው ሰው ያጣው ወራት አይደለም፣ ዓመት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው 12 ወር ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. ማርች 31, 2025። በዚህ ሒሳብ ማዛወሩ በመስከረም 2017 ይሆንና ከዚያ በኋላ ያለው የስድስት ወር ክትትል በመጀመሪያው ዕቅድ እንደነበረው ሳይቀነስ ይቀጥላል። ዘጠኝ ወር ብንጠይቅ ትሕትና ይመስለን ነበር፤ ክትትሉ ግን በሦስት ወር ይቆረጥና ንቡ ይልመድ ይኮብልል ሳናውቅ እንዘጋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። «እስከ መጋቢት 22, 2017» ብቻ ብትሉ የውጭ አገር አንባቢ 2017ን በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ለእርሱ ያለፈ ዓመት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም።

የተሻሻለው ዕቅድ ከዚህ ይወጣል። ወር በወር መደርደር ያለበት ሲሆን፣ ሥራ የሌለበትን ወር «ሥራ የለም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2016 በዚህ ፕሮጀክት የሚሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቀፎዎቹን ከምስጥና ከእርጥበት መጠበቅ ብቻ ነው። በፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው ሰምም ገና ካልተገዛ አሁን አይገዛ፤ በመጋዘን ከቆየ ብል ይበላዋል። በሐምሌ መጨረሻ ቀፎዎቹ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ ይሄዳሉ። በነሐሴ ኅብረ ንብ ሻጮች ይለያሉ። አበባው እንደፈካ፣ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት፣ በየመንደሩ አመሻሹ ላይ ማዛወር ይደረጋል፤ የቀረው ሥልጠናም እዚያው ቀፎው ሥር ይሰጣል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ክትትል ነው። አዲስ የተዛወረ ንብ በመጀመሪያው ወቅት ብዙ ማር ላይሰጥ ስለሚችል፣ ዕቅዱ ማር በኪሎ ቃል አይገባም፤ በመጋቢት ንብ ያለባቸውን ቀፎዎች ቁጥር ይቆጥራል። የመጀመሪያው ውልም የሚለው ይህንኑ ከሆነ ቃሉን አትለውጡት።

ለጋሹ በልቡ የሚያስበውን ግን በአፉ የማይለውን ጥያቄ ዕቅዱ ራሱ ይመልስ። ዝናቡ ደግሞ ቢቀርስ? እኔ በደብዳቤው ውስጥ እንዲህ ብዬ አስገባለሁ፤ «እስከ ነሐሴ 15, 2016 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 21, 2024) የዝናቡን ሁኔታ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር አይተን በጽሑፍ እናሳውቃለን። ዝናቡ ካልበቃ ለኅብረ ንብ መግዣ የተያዘው 180,000 ብር ሳይነካ ለድርጅታችሁ ውሳኔ ይቀርባል።» ይህ መስመር አንዳንዶቻችሁን ያስፈራችኋል፤ ገንዘብ መልሱ የሚያስብል ይመስላል። ነገር ግን ያ ገንዘብ ንብ ሳይኖር በእኛ እጅ ቢቀመጥ ምን ያደርግልናል? ቀኑን አስቀድሞ የተናገረ ማኅበር ቀኑ ሲደርስ ተሳቅቆ ስልክ አያጠፋም።

በጀቱ አይለወጥም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ቀስ ብለን እንየው። ያለተጨማሪ በጀት የሚራዘም ፕሮጀክት ያለ ወጪ የሚራዘም ፕሮጀክት አይደለም። ዓመት ሲጨመር ደሞዝ አለ፣ መጓጓዣ አለ። ከ1,200,000 ብሩ 800,000 ወጥቷል፣ 400,000 ቀርቷል። ቀሪው ግን ሁሉም ባለቤት አለው፤ ለኅብረ ንብ፣ ለሥልጠና፣ ለመጓጓዣ፣ እስከ መጋቢት 2016 ላለው ደሞዝ ተብሎ የተያዘ ነው። የመስክ ሠራተኛዋ በወር 6,000 ብር ታገኛለች። 12 ወር ሙሉ ብናቆያት 72,000 ብር ያስፈልጋል፤ ከየት ይመጣል? እዚህ ነው ሥራ የሌለባቸው አራት ወራት የሚጠቅሙን። ውሏ በመጀመሪያው ቀን ያበቃና በነሐሴ እንደገና ትቀጠራለች፤ የሚከፈላት የስምንት ወር ሆነ፣ 48,000 ብር። ከዚህ ውስጥ 30,000 የሚገኘው ከሥልጠናው ነው፤ ሴቶቹን ሰቆጣ አምጥቶ አዳራሽ ተከራይቶ አበል ከመክፈል በየቀፏቸው ሥር ስለሚሠለጥኑ ይህ ገንዘብ ይተርፋል። ቀሪው 18,000 ከመጓጓዣው ነው፤ ሥልጠናውና ማዛወሩ በአንድ ጉዞ ስለሚሆኑ። ድምሩ ያው 1,200,000 ነው።

እርግጥ ለሠራተኛዋ ከባድ ነው፤ አራት ወር ያለ ደሞዝ ትቀመጣለች። ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ለእርሷ መንገርና መስማማቷን በጽሑፍ ማግኘት ግድ ነው። ካልተስማማች ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

ለጋሹ ይህን ዝውውር በሠንጠረዥ ማየት ይፈልጋል፤ በአንድ ረድፍ የፀደቀው በጀት፣ በሌላው እስካሁን የወጣው፣ በሌላው ቀሪው፣ በመጨረሻው የታሰበው ለውጥ። ብዙ ውሎች ከአንድ የወጪ አርእስት ወደ ሌላው በመቶኛ የተወሰነ ዝውውር ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅበታል። የእናንተን ውል አውጥታችሁ እዩ። ድርቅ ስለሆነ ለንቡ ስኳር እንግዛ፣ በሶ እንግዛ የሚል ሐሳብ ከተነሳም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በየቤታችንም የምናደርገው ነው፤ ግን በበጀቱ ያልነበረ አዲስ ወጪ ስለሆነ ተደብቆ በሌላ አርእስት አይገባም። በግልጽ ይጠየቃል፣ ወይም ይቀራል።

ስለ ገንዘቡ ዓይነትም አንድ ቃል ልበል። ሐምሌ 22, 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «በጀቱ አልተለወጠም» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ውሉ በብር ከሆነ ብሩ ያው ነው፣ ከውጭ የሚመጣው የማር ማጣሪያ ግን ያው አይደለም። ውሉ በዩሮ ወይም በዶላር ከሆነ ደግሞ ያልተመነዘረው ገንዘብ ብዙ ብር ያመጣል፤ ያ ትርፍ ብር ውሉ ካልፈቀደ በስተቀር የማኅበሩ ትርፍ አይደለም፣ ለለጋሹ ይነገራል። ስለዚህ ጠቅላላ በጀቱ በየትኛው ገንዘብ እንዳልተለወጠ በደብዳቤው ይጻፍ።

መቼ ይላካል? ውሎች ይለያያሉ። በአውሮፓ ኅብረት የድጋፍ ውሎች ማሻሻያ ከማብቂያው 30 ቀን በፊት መጠየቅ ነበረበት። በአሜሪካ የፌዴራል ድጋፍ ሕግ አንድ ጊዜ እስከ 12 ወር ማራዘም ይቻላል፣ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱንና አዲሱን ቀን በማሳወቅ፤ የተረፈን ገንዘብ ለመጨረስ ብቻ ተብሎ ግን አይራዘምም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሁሉም ለጋሽ ይሠራል ባይ ነኝ፤ «ቀሪ ገንዘብ ስላለን» የሚል ምክንያት በደብዳቤያችን ውስጥ መገኘት የለበትም። በእኛ ምሳሌ 30 ቀን ማለት የካቲት 22, 2016 ነው። እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም። ዝናቡ እንደቀረ የታወቀው በመስከረም ነው፤ በጥቅምት አንድ አጭር ማስታወቂያ፣ በጥር ሙሉው ደብዳቤ መሄድ አለበት። ኢንተርኔት ከሌለ በታተመ ወረቀት፣ በሰው እጅ፣ ተቀባዩ ፈርሞ።

ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይበልጥ። መግቢያውን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ጊዜ ያለተጨማሪ በጀት እንዲራዘምልን ስለመጠየቅ

ማኅበራችን በዝቋላ ወረዳ ለ60 ሴቶች የዘመናዊ ንብ ማነብ ፕሮጀክት እየሠራ መሆኑ ይታወቃል። የፕሮጀክቱ ጊዜ እ.ኤ.አ. ማርች 31, 2024 (መጋቢት 22, 2016) ያበቃል። በ2015 ክረምት ዝናብ ባለመኖሩ የንብ ቀሰም ስላልነበረ፣ በመስከረም 2016 ሊካሄድ የታቀደው የኅብረ ንብ ማዛወር አልተካሄደም። ቀጣዩ የአበባ ወቅት መስከረም 2017 ስለሆነ፣ የፕሮጀክቱ ጊዜ እስከ እ.ኤ.አ. ማርች 31, 2025 (መጋቢት 22, 2017) እንዲራዘምልን እንጠይቃለን። ጠቅላላ በጀቱ 1,200,000 ብር እንደሆነ ይቀጥላል፤ የተጠቃሚዎቹ ቁጥርና ዓላማው አይለወጥም። የተሻሻለው ዕቅድ፣ የበጀት ሠንጠረዡ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤና የቀፎ ቆጠራው ተያይዘዋል።»

ምስጋናው ከዚህ በኋላ ይምጣ። እኛ አገር ደብዳቤ በምስጋና ይጀመራል፣ ነውር የለውም፤ ግን በቀን ሠላሳ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ጥያቄውን ለማግኘት ሦስት አንቀጽ መውረድ የለበትም። ሊቀ መንበሯ ትፈርማለች፣ ማኅተም ይደረጋል። ፕሮጀክቱ ከመንግሥት ቢሮ ጋር የተፈረመ ስምምነት ካለውም ግልባጩ ለእነርሱ ይድረስ፤ ለጋሹ ቢያራዝምና በቢሮው መዝገብ ፕሮጀክቱ የተዘጋ ሆኖ ቢገኝ በመስክ ላይ ችግር ይመጣል። ከደብዳቤው በፊት 60ዎቹ ሴቶች ተሰብስበው በአዲሱ ቀን መስማማታቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ለሚቀላቸው በኽምጣናም ይነገራቸው፤ አንድ ዓመት የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና።

መልሱን በተመለከተ፣ በስልክ «ችግር የለም፣ ቀጥሉ» መባል መልስ አይደለም። ዝምታም መልስ አይደለም። በጽሑፍ የተፈረመ የውል ማሻሻያ እስኪመጣ ድረስ ከእ.ኤ.አ. ማርች 31, 2024 በኋላ አንድም ብር አይውጣ፤ በመካከል የወጣው ወጪ በኦዲት ጊዜ ተቀባይነት ሊያጣና ከማኅበሩ ቁጠባ ሊተካ ይችላል። በእኛ ምሳሌ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ወጪ እንዳይኖር የተደረገው በከፊል ለዚህም ነው፤ መልሱ ሁለት ወር ቢዘገይ የሚከፈለው የለምና መጠበቅ እንችላለን።

የደብዳቤው ረቂቅና የሠንጠረዡ ባዶ ቅጽ በጽሕፈት ቤታችን አለ። የየቡድኑ ጸሐፊዎች ዛሬ ከምሳ በኋላ ውሎቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ የማብቂያ ቀኑንና የማሳወቂያ ቀኑን አብረን እናወጣለን።